ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው አንቀጽ፦ ባልታየ ምንባብ ላይ በፈተና ሰዓት ሐተታ ስለ መጻፍ

(ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ጠባብ ነው። አንድ ተማሪ ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር ምንባብ በፈተና ወረቀት ላይ ሲያገኝ፣ ሰዓቱ እየቆጠረበት፣ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ሐተታውን እንዴት ይገነባል? ይህን በጠቅላላ ምክር ልመልሰው አልፈለግሁም። አንድ ምንባብ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከእናንተ ጋር ሆኜ እሠራዋለሁ። ምንባቡን ለዚህ ንግግር ስል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማንም አስቀድሞ አላየውም።

ምንባቡ የሚጠቅሰው ቦታ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ያለ፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ቦታ ነው። ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ባረምኋቸው ወረቀቶች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ውድቀት ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ተማሪው ስለ ቦታው ወይም ስለ ጉዳዩ ብዙ ስለሚያውቅ ምንባቡን ሳያነበው ይቀራል። ምንባቡ ይህ ነው፦

«መስከረም 20 ቀን፣ ወደ ግሸን ስንወጣ፣ እናቴ ጫማዋን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። “ድንጋዩ ይወጋሻል” አልኋት። “ይውጋኝ” አለች። ዳገቱን እኔ በቁጥር እወጣው ነበር፤ መታጠፊያውን፣ የቆሙትን፣ የተቀመጡትን፣ ቀድመውን ያለፉትን። እርሷ አትቆጥርም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ ወደ ታች አየች። “ያ ቤታችን ይሆን?” አለች። ቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ከዚያ አይታይም። “ይሆናል” አልኋት። በሩ ዘንድ ስንደርስ ቋጠሮውን ፈትታ ጫማውን ሰጠችኝ። “አንተ ያዘው፤ ስመለስ አደርገዋለሁ” አለች። ያዝሁት። ስንት መታጠፊያ እንደ ነበረ ዓመት ሳይሞላኝ ረሳሁት። ጫማው ግን ዛሬም ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ትንሽ ነው፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም።»

ፈተናው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጠዋት 3፡00 ይጀምርና 4፡30 ያልቃል እንበል። እኔ ሰዓቱን እንዲህ እከፍለዋለሁ። እስከ 3፡25 ድረስ አነባለሁ፣ አቅዳለሁ፤ ከ3፡25 እስከ 4፡20 እጽፋለሁ፤ የቀሩትን 10 ደቂቃዎች ለእርማት አተዋቸዋለሁ። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ጎረቤታቸው መጻፍ ሲጀምር ብዕራቸውን ያነሣሉ። ነገር ግን በ3፡05 የተጀመረ ሐተታ አብዛኛውን ጊዜ በ3፡40 ላይ የሚለው ያጣና ምንባቡን በሌላ ቃል መተረክ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ንባብ 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ ያለ እርሳስ ነው። በዚህ ንባብ የምፈልገው ተራውን ፍሬ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ይናገራል፣ ለማን፣ ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ? በአገራችን የትርጓሜ ትምህርት ንባብ ከትርጓሜ የሚቀድመው በከንቱ አይደለም፤ ንባቡ ያልቀና ሰው ወደ ትርጓሜ አይገባም። በሌላው ዓለምም ይኸው ታይቷል። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲያቸው ስም ያልተጻፈባቸውን 13 ግጥሞች ለአንባቢዎች ሰጥቶ አስተያየታቸውን ሰበሰበ፤ ውጤቱንም በ1929 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ አወጣ። ካስተዋላቸው ችግሮች አንዱ የተማሩ አንባቢዎች እንኳ የግጥሙን ተራ ፍቺ መሳታቸው ነበር። ሌላው ደግሞ አስቀድሞ በአእምሯቸው ተዘጋጅቶ የነበረ ስሜት ግጥሙን ቀድሞ መልስ መስጠቱ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ችግር በእኛ ምንባብ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። «ግሸን» የሚለው ቃል ሲታይ የምናውቀው ሁሉ አንድ ጊዜ ይነሣል። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መሆኑ፣ ግማደ መስቀሉ፣ ዐፄ ዳዊትና ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ መጽሐፈ ጤፉት፣ መስከረም 21 የሚከበረው ክብረ በዓል፣ በጥንት ዘመን በአምባው ተወስነው ይኖሩ የነበሩት የነገሥታት ልጆች። ከዚያም ተማሪው እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ «ይህ ምንባብ የግሸንን ታላቅ ታሪክና የሕዝባችንን ጽኑ እምነት ያሳያል»። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም ይሆናል፤ ስለዚህ ምንባብ ግን አንዳች አልተናገረም። ምንባቡ ውስጥ መስቀል የለም፣ ንጉሥ የለም፣ ጸሎት እንኳ የለም። አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ጥንድ ጫማና አንድ በር ናቸው ያሉት።

ታዲያ ያወቅነውን ምን እናድርገው? አንድ መለኪያ አለኝ። እውቀቱ በምንባቡ ያለን አንድ ቃል የሚያበራ ከሆነ ይግባ፤ የሚያበራው ቃል ከሌለ ይቅር። ለምሳሌ ንግሡ መስከረም 21 መሆኑን ማወቅ «መስከረም 20» የሚለውን ያበራዋል፤ መንገዱ በዋዜማው የሚወጣ ነው፤ ምንባቡ ከበዓሉ ደጃፍ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ በዓሉ አይገባም። ይህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ዋጋ አለው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ታሪክ ግን የሚያበራው ቃል እዚህ የለም።

ሁለተኛው ንባብ 12 ደቂቃ ነው፤ አሁን እርሳስ ይነሣል። ብዙ መምህራን ተማሪው የሥነ ጽሑፍ ዘዴዎችን ዝርዝር ይዞ እንዲፈልግ ያስተምራሉ፤ ተምሳሌት አለ? ተለዋጭ ዘይቤ አለ? ሰውኛ አለ? እኔ የማደርገው ከዚህ ይለያል። ሁለት ነገሮችን ብቻ አሰምራለሁ፤ የሚደጋገመውንና የሚሰበረውን። ድግግሞሹ የምንባቡን ሕግ ይነግረናል፤ ስብራቱ ደግሞ ሕጉ ለምን እንደ ነበረ ይነግረናል።

በእኛ ምንባብ ምን ይደጋገማል? ንግግሮቹን ለብቻ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ልጁ «ይወጋሻል» ይላል፤ እናቱ «ይውጋኝ» ትላለች። እናቱ «ይሆን?» ትላለች፤ ልጁ «ይሆናል» ይላል። እናቱ «ያዘው» ትላለች፤ ልጁ «ያዝሁት» ይላል። ሦስት ጊዜ አንዱ የሌላውን ግሥ ተቀብሎ መልኩን ለውጦ ይመልሰዋል። አዲስ ግሥ ይዞ የሚመልስ የለም።

ምን ይሰበራል? ተራኪው «ስንወጣ» ብሎ ጀመረ፤ በበሩም «ስንደርስ» አለ። ሁለቱም አብሮነትን የሚናገሩ ናቸው። እናቱ ግን በበሩ ላይ «ስመለስ» አለች፤ «ስንመለስ» አላለችም። የጠፋችው አንዲት «ን» ናት። በመጀመሪያው ንባብ ማንም አያያትም፤ ሁለተኛው ንባብ የሚያስፈልገው ለዚህች «ን» ነው። ሌላም ስብራት አለ፤ ትረካው በአብዛኛው ባለፈ ጊዜ ሲሄድ ቆይቶ በመጨረሻ «ዛሬም አለ»፣ «ትንሽ ነው»፣ «አይበልጥም» ይላል። ጊዜው አሁን ሆነ።

አሁን 3፡17 ሆኗል። ለዕቅድ 8 ደቂቃ አለኝ። ዕቅዱ የሚጀምረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርሱም የሐተታው ዋና ሐሳብ ነው። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ አቀርብለታለሁ። ለሌላ ምንባብ ይሆናል ወይ? የሚሆን ከሆነ ይሰረዝ። ሊከራከረው የሚችል ሰው አለ ወይ? ከሌለ ገለጻ እንጂ ሐሳብ አይደለም። «ምንባቡ የእናትና የልጅን ፍቅር ያሳያል» የሚለው በሁለቱም ይወድቃል። እኔ የምጽፈው ይህን ነው፤ «በዚህ ምንባብ እናትና ልጅ የሚተሳሰቡት አንዱ የሌላውን ቃል ተቀብሎ በመመለስ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ልጁ የተቀበለውን ሊመልስ ያልቻለ ሆኖ ይቀራል»።

ይህ ከተጻፈ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል ራሱን ያወጣል፤ ሦስቱ ምልልሶች ሦስት አንቀጾች ናቸው። እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ የምንባቡ ቅደም ተከተልና የክርክሩ ቅደም ተከተል አንድ ሆኑ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ሲለያዩ ክርክሩን ተከተሉ፤ ደካማውን ማስረጃ አስቀድሙ፣ ጠንካራውን ለመጨረሻ አቆዩ። በምንም ዓይነት ግን «አንደኛ ተራኪው፣ ሁለተኛ ቋንቋው፣ ሦስተኛ መቼቱ» ብላችሁ አትክፈሉት። እንዲህ የተከፈለ ሐተታ አንዱን ቃል በሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል፤ የትኛውም አንቀጽ ወደ ቀጣዩ አይመራም።

3፡25 ላይ መጻፍ እጀምራለሁ። ለመግቢያው 6 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። በመግቢያው ሁኔታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር እገልጻለሁ፤ ሌላ የለም። ለሦስቱ አንቀጾች ለእያንዳንዳቸው 14 ደቂቃ ይደርሳቸዋል። የመጀመሪያውን እንዴት እንደምጽፈው ላሳያችሁ፦

«የመጀመሪያው ምልልስ በአንድ ግሥ ሁለት መልኮች መካከል ይካሄዳል። ልጁ “ይወጋሻል” ሲል ወደፊት የሚሆነውን ይናገራል፤ ማስጠንቀቂያው የማስላት ነው፤ በኋላ መታጠፊያ የሚቆጥረውም ይኸው ልጅ ነው። እናቱ ግሡን አትክደውም፤ ድንጋዩ አይወጋኝም አትልም። “ይውጋኝ” ስትል ግን ያንኑ ግሥ ወደ ፈቃድ ትለውጠዋለች። ልጁ የፈራው ነገር በእርሷ አፍ የተፈለገ ነገር ሆነ። ስለዚህ “እርሷ አትቆጥርም” የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ስለ ቁጥር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሕመምን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው የሚያሰላው እንደማይኖረው ይናገራል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሆነውን አስተውሉ። የተጠቀሱት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ከምንባቡ ረጅም ዓረፍተ ነገር አልገለበጥሁም። ከጥቅሱ በኋላ ደግሞ ስለ ጥቅሱ መልክ ተናገርሁ፤ ከመልኩ ወደ ትርጉሙ ሄድሁ። አንድ አንቀጽ ሐተታ መሆኑን የምለይበት መንገድ ቀላል ነው፤ ጥቅሶቹን ከአንቀጹ ውስጥ በአእምሯችሁ አውጡ። አንቀጹ ያለ እነርሱ ቆሞ ከቀረ ትረካ ነው፤ ከፈረሰ ሐተታ ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ «ይሆን?» እና «ይሆናል» ነው። ተራኪው ቤታቸው ከዚያ እንደማይታይ ለእኛ ነገረን፤ ለእናቱ ግን አልነገራትም። የሚቆጥረው ልጅ፣ ርቀቱን የሚያውቀው ልጅ፣ እዚህ ላይ እውቀቱን ትቶ የእርሷን ግሥ ተቀበለ። ባለፈው ምልልስ እናት የልጇን ፍርሃት እንደ ለወጠችው፣ አሁን ልጅ የእናቱን ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት ለወጠው። ውሸት ነው፤ ግን ከእርሷ የተማረው የመመለስ ስልት ነው። እንዲህ ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው አንቀጽ ከባዱ ነው፤ ወጥመዱም እዚህ ነው። «ያዘው» አለች፤ «ያዝሁት» አለ። «ስመለስ» አለች፤ ጫማው ግን ዛሬም አልጋ ሥር ነው። ይህን ምንባብ የሚያነብ ተማሪ «እናቱ ሞተች» ብሎ ቢጽፍ አይገርመኝም። ሌላው ደግሞ ሰው በገዳም ደጃፍ ዓለምን እንደሚተው ስለሚያውቅ «እናቱ በዚያው መነኮሰች» ይላል። ምንባቡ ግን አንዱንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ የራሳችን ሊቃውንት አንድ ትምህርት ይሰጡናል፤ ልዩነቱንም ማወቅ ይገባል። የአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያለ ፍቺውን ያበዛል፤ መምህሩ ለአንዱ ቃል ብዙ ፍቺ ማቅረቡ የእውቀቱ ምልክት ነው። በፈተና ሐተታ ግን «አንድም» የሚሠራው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ ምንባቡ ራሱ ሁለቱን ፍቺዎች ክፍት ትቶ ሲገኝ፣ ሁለቱም በቃሉ ሲደገፉ። ያን ጊዜም ሁለቱን አቅርቦ መሄድ አይበቃም፤ ክፍት የተተወው ለምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፤ «እናቱ አለመመለሷ ሞት ይሁን ምናኔ ምንባቡ አይነግረንም፤ ምክንያቱም የሚተርከው በበሩ ላይ ቀርቶ የጠበቀው ልጅ ነው፤ ለእርሱ የደረሰው ወሬ ሳይሆን ጫማው ነው»። እንዲህ ሲባል ዝምታው ራሱ ማስረጃ ሆነ።

በዚሁ አንቀጽ የጠፋችውን «ን» አነሣለሁ፤ «ስመለስ» ያለችው እናት መለየቱን አስቀድማ አውቃው ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። በጥያቄ መልክ የምተወው ምንባቡ ከዚህ የበለጠ ስለማይፈቅድልኝ ነው። እርግጠኛ ባልሆንሁበት ቦታ «ይመስላል» ማለት ድክመት አይደለም፤ እርግጠኛ በሆንሁበት ቦታ «ይመስላል» ማለት ግን ፍርሃት ነው።

ሰዓቱ 4፡13 ሲሆን፣ የትም ብደርስ፣ ብዕሬን ከሦስተኛው አንቀጽ አነሣለሁ። ይህን ደንብ በጥብቅ እይዘዋለሁ። በሰዓት ማጠር ምክንያት አንድ ነገር መቀነስ ካለበት የሚቀነሰው ከመካከል ነው፤ ሦስተኛው አንቀጽ በአራት ዓረፍተ ነገር ሊያልቅ ይችላል። መደምደሚያ የሌለው ሐተታ ግን አንባቢውን በዳገቱ መካከል ትቶት የሚሄድ ነው። መዘግየታችሁን በጊዜ የምታውቁበት ምልክት ደግሞ ይኸው ነው፤ በ3፡45 የመጀመሪያው አንቀጽ ካላለቀ፣ ሁለተኛውን አንቀጽ አሁኑኑ በግማሽ ለማሳጠር ወስኑ። በ4፡10 የሚደረግ ውሳኔ ዘግይቷል።

መጨረሻው አንቀጽ 7 ደቂቃ አለው። አብዛኛው ተማሪ በዚህ ቦታ «ለማጠቃለል ያህል» ብሎ መግቢያውን ይደግማል። ሦስቱን አንቀጾች ያነበበ መምህር ይህን አይፈልገውም። የመጨረሻው አንቀጽ ሥራ ዋናውን ሐሳብ ወስዶ እስካሁን ያልተነካ አንድ የምንባቡ ቃል ላይ ማሳረፍ ነው። ስለዚህ ገና በዕቅዱ ጊዜ አንድ ቃል ለመጨረሻ አስቀምጣለሁ። እዚህ ያስቀመጥሁት «ትንሽ ነው» የሚለውን ነው፦

«ተራኪው በልጅነቱ የቆጠረውን ሁሉ ረሳ፤ ሳይቆጥር የያዘውን ግን ዛሬም ይዞታል። “ትንሽ ነው፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም” ሲል ጫማውን በእጁ የሚለካ ሰው እናያለን፤ መለካቱን አልተወም። ጫማው ግን አልተለወጠም፤ ያደገው እጁ ነው። በምንባቡ ሁሉ ቃል ሲመላለስ ቆይቶ አሁን መልስ የሚሰጥ የለም፤ ለዚህም ነው የመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ያለ ጥቅስ ምልክት፣ ለማንም ሳይነገሩ የሚያበቁት።»

ከ4፡20 እስከ 4፡30 ያለውን ጊዜ ፊደል ለማረም ብቻ አታውሉት። እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። የጠቀስኋቸው ቃላት በምንባቡ እንዳሉ ናቸው ወይ? «ስመለስ»ን «ስንመለስ» ብዬ ገልብጬ ከሆነ ክርክሬ በገዛ እጄ ፈርሷል። ተራኪውን «ደራሲው» ብዬ ጽፌ አለሁ ወይ? ከአልጋው ሥር ጫማ ያስቀመጠው ተራኪው ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ጫማ የለኝም። በመጨረሻም መግቢያውን አነባለሁ፤ እየጻፍሁ ሳለሁ ሐሳቤ ተሻሽሎ ከሆነ የመግቢያውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዤ የደረስሁበትን በላዩ እጽፋለሁ። አንድ ንጹሕ ስረዛ ነጥብ አያስቀንስም፤ መግቢያና መደምደሚያው የማይተዋወቁ ሐተታ ግን ያስቀንሳል።

ይህ አካሄድ ወሰን አለው። ለአጭር የዝርው ምንባብ የተሠራ ነው። ምንባቡ ግጥም ከሆነ ከሁለተኛው ንባብ ላይ 3 ደቂቃ ለምጣኔውና ለቤት መምቻው መስጠት ይገባል፤ በግጥም ድግግሞሹና ስብራቱ መጀመሪያ በጆሮ ይሰማልና። ቅኔ ከሆነ ደግሞ ሰሙን ሳይለዩ ወርቁን መፈለግ አይቻልም፤ ተራውን ፍቺ ማስቀደም በዚያ ይበልጥ ይጠብቃል። በምንባቡ የሚደጋገም ነገር ያላገኘ ተማሪም ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ከስብራቱ ይጀምር፤ የምንባቡ አነጋገር የሚለወጥበትን አንድ ቦታ ይፈልግና ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቅ።

ወደ ግሸን የወጣችሁ ሁሉ አምባውን አስቀድማችሁ ታውቁት እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ከወሬው፣ ከመጽሐፉ፣ ከወላጆቻችሁ አፍ ሰምታችኋል። ዳገቱን ስትወጡ ግን የረገጣችሁት ከፊታችሁ ያለውን ድንጋይ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የሚጠብቃችሁ ምንባብም ከፊታችሁ ያለው ድንጋይ ነው፤ ያወቃችሁትን በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥሩት፤ ምንባቡ አንድ ቃል ላይ ሲጠይቃችሁ ትፈቱታላችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ስለ «ስመለስ» ከእኔ የተለየ ንባብ ያላችሁ፣ አሁን ብታነሡልኝ ደስ ይለኛል።